ዶሮ ወጥ በአሥር ስላይድ

በማኅበራዊ መገናኛ ላይ የሚወጣ ካሩሰል በጣት ወደ ጎን እየተገፉ የሚታዩ ምስሎች ስብስብ ነው። ለምግብ አሠራር ሲውል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ ይይዛል። የመጀመሪያው ስላይድ የምግቡን ስምና መልክ ያሳያል፣ ሁለተኛው ግብአቱን ይዘረዝራል፣ ቀጣዮቹ አሠራሩን በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፣ የመጨረሻው ደግሞ ስለ አቀራረቡ አንድ ምክር ይሰጣል። ኢንስታግራም ይህን የአለጣጠፍ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲጀምር በአንድ ልጥፍ እስከ 10 ምስል ይፈቅድ ነበር፤ በ2024 ቁጥሩን ወደ 20 አሳድጎታል። ቴሌግራም ግን ዛሬም በአንድ ላይ የሚያስተላልፈው 10 ምስል ብቻ ነው። በአማርኛ የሚዘጋጅ አሠራር ከኢንስታግራም ወደ ቴሌግራም ቡድኖች መሻገሩ ስለማይቀር፣ 10 ስላይድ ለሁለቱም የሚሆን ልክ ነው።

ይህ ቅርጽ ለሰላጣ ወይም ለእንቁላል ፍርፍር አያስቸግርም። ዶሮ ወጥ ላይ ሲደርስ ግን ይፈተናል። ዶሮ ወጥ ከሽንኩርቱ ክተፋ እስከ መከለሻው ሦስት ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚወስድ ወጥ ነው። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የሚያልፈው ዶሮው ድስት ውስጥ ሳይገባ ነው። በብዙ ካሩሰሎች ላይ ግን “ሽንኩርቱን አቁላልተው በርበሬ ይጨምሩ” የሚለው የሁለት ሰዓት ሥራ በአንድ ስላይድ ይታለፋል፤ የአሥር ደቂቃው የእንቁላል መቀቀልም ያንኑ ያህል ቦታ ያገኛል። ወጡን የሚያውቅ ሰው ጎዶሎውን ከራሱ ይሞላዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ግን ስላይዱ የሰጠውን ቦታ የሥራው መጠን አድርጎ ይወስዳል። በ20 ደቂቃ ሽንኩርቱን ያወርዳል፣ በ5 ደቂቃ በርበሬውን ያልፋል፤ በመጨረሻም ውሃውና ቁሌቱ የተለያየ፣ ጥሬ በርበሬ የሚሸት ወጥ ይገጥመዋል።

ስለዚህ ስላይዶቹ መከፋፈል ያለባቸው በእርምጃዎቹ ቁጥር ሳይሆን ሥራው በሚወስደው ጊዜና ወጡ በሚበላሽበት ቦታ ነው። ለዶሮ ወጥ የሚስማማው ድልድል ይህን ይመስላል፦ አንድ ስላይድ ለሽፋን፣ አንድ ለግብአት፣ አንድ ለዶሮው ዝግጅት፣ ሁለት ለሽንኩርቱ፣ ሁለት ለበርበሬውና ለቅቤው፣ አንድ ዶሮው ለሚገባበት፣ አንድ ለእንቁላሉና ለመከለሻው፣ የመጨረሻው ለአቀራረቡ። ከአሥሩ አራቱን ቁሌቱ ይወስዳል ማለት ነው። ይህ አይበዛበትም።

የግብአቱ ስላይድ ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። ሰዎች ከካሩሰሉ ነጥለው ፎቶ አንሥተው ወደ ገበያ ይዘውት የሚሄዱት እርሱን ነው። ስለዚህ ሌሎቹ ስላይዶች ባይኖሩም ብቻውን ሙሉ መሆን አለበት፤ የወጡ ስምና ለስንት ሰው እንደሚበቃ እዚያው ላይ ይጻፋል። ግብአቶቹ በሚገቡበት ቅደም ተከተል ይደረደራሉ፣ በሦስት ንዑስ ርእስም ይከፈላሉ። ለስድስት ሰው የሚሆነው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

“ዶሮ ወጥ፣ ለ6 ሰው።
ለዶሮው፦ 1 ዶሮ፣ ተበልቶ 1.5 ኪሎ ገደማ፤ 2 ሎሚ፤ ጨው።
ለቁሌቱ፦ ቀይ ሽንኩርት 2 ኪሎ፤ ዘይት ግማሽ ኩባያ፤ በርበሬ 150 ግራም፤ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት 2 የሾርባ ማንኪያ፤ የተወቀጠ ዝንጅብል 1 የሾርባ ማንኪያ፤ ንጥር ቅቤ 200 ግራም።
ለማጠናቀቂያ፦ 6 እንቁላል፤ መከለሻ 1 የሻይ ማንኪያ፤ የተፈጨ ኮረሪማ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤ ጨው።”

ሽንኩርቱ በራስ ሳይሆን በኪሎ መጻፉ ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ገበያ ላይ ያለው ቀይ ሽንኩርት አብዛኛውን ጊዜ ትናንሽ ነው። በአሜሪካ ሱቆች የሚሸጠው አንድ ራስ ደግሞ የእጅ መዳፍ የሚሞላ ሊሆን ይችላል። “15 ራስ ሽንኩርት” የሚል ስላይድ ዋሽንግተን ላይና ደብረ ብርሃን ላይ የሚሰጠው ወጥ የተለያየ ነው። 2 ኪሎ ሽንኩርት ለአንድ ዶሮ ብዙ መስሎ ይታያል፣ አንዳንድ አዘጋጆችም አንባቢ እንዳይደነግጥ ብለው ይቀንሱታል። ይህ የሚጎዳው ወጡን ነው። ሽንኩርት አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው፤ ያ ውሃ በእሳት ሲተን ድስት ሙሉ የነበረው ክተፍ ከድስቱ ሥር ጥቂት ጣት ያህል ሆኖ ይቀራል። ዶሮ ወጥ ዱቄት አይገባበትም፤ የሚያወፍረው ይኸው የሟሟ ሽንኩርት ነው። የበርበሬውን ማቃጠል የሚያለዝበውም የሽንኩርቱ ጣፋጭነት ነው። ሽንኩርቱ በግማሽ ከተቀነሰ በርበሬውም በዚያው ልክ መቀነስ አለበት፤ አለዚያ ወጡ ቀጭንና የሚያቃጥል ብቻ ይሆናል።

በዚህ ስላይድ ላይ ከሁሉ የሚያስፈራው አደጋ የፊደል ነው። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል “የሻይ ማንኪያ” እና “የሾርባ ማንኪያ” ሲያጥሩ “የሻ.ማ” እና “የሾ.ማ” ይሆናሉ። በስልክ ላይ በትንሹ ሲታዩ ሁለቱን የሚለየው በፊደሉ እግር ላይ ያለች ጥቂት ልዩነት ብቻ ናት። የሾርባ ማንኪያ ግን 15 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ፤ ሲምታቱ መከለሻው ሦስት እጥፍ ይሆናል። መከለሻ ሦስት እጥፍ የገባበት ወጥ ደግሞ ቅርንፉድና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ይሸታል። ስለዚህ ሁለቱም ስሞች ሳያጥሩ መጻፍ አለባቸው፤ ቦታ ከጠበበ ስላይዱ ላይ ያለው ፎቶ ይነሣ። በአጠቃላይ የግብአት ስላይድ የኋላ ገጹ ነጠላ ቀለም ቢሆን ይሻላል፤ በፎቶ ላይ የተጻፈ ዝርዝር በምስሉ ዝርዝር ነገር ውስጥ ይጠፋል።

የፊደሉን ነገር ለመጨረስ ያህል፣ 1080 በ1350 ፒክስል በሆነ ቁመታም ስላይድ ላይ የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ከፍ ባለ መጠን መጻፍ አለበት፤ ወፍራም የፊደል ዓይነት ደግሞ ለርእስ ብቻ ይበቃል። ፊደሉ ሲወፍር እንደ ጨ፣ ጩ እና ጪ ባሉት ውስጥ ያሉት ክፍተቶች ይደፈናሉ። ቴሌግራም ምስሉን ሲጭነው ደግሞ ጭራሽ ይደበዝዛሉ። በአንድ የአሠራር ስላይድ ላይ ከ25 እስከ 30 ቃል ከበቂ በላይ ነው። የአማርኛ ግስ ረጅም ስለሆነ በአንድ መስመር አራትና አምስት ቃል ብቻ ይገባል፤ ቃልን ለሁለት መስመር መክፈል ደግሞ ንባቡን ይሰብራል።

የአሠራሩ ቋንቋ “ይከተፋል፣ ይታጠባል” በሚል ሊሄድ ይችላል፤ ከታተሙት የምግብ መጻሕፍት ብዙዎቹ እንዲህ ይጽፋሉ፣ ለወንድም ለሴትም እኩል ይሆናል። ከዚህ በታች ያሉት ስላይዶችም በዚሁ የተጻፉ ናቸው።

ሦስተኛው ስላይድ የዶሮው ነው። “ዶሮው ቆዳው ተገፎ በ12 ብልት ይበለታል። በጎድጓዳ ሳህን በሎሚና በጨው ውሃ እየተቀየረ ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል። ሥጋው ላይ በቢላ ጫፍ ጫር ጫር ይደረጋል። ሽንኩርቱ እስኪደርስ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል።” በዚህ ውስጥ አራት ነገር አለ፣ አራቱም ሊቀሩ አይገባም። ቆዳው የሚገፈፈው በረጅም እሳት ስለሚለጠልጥና ቅባቱ ወጡን ስለሚያከብደው ነው። ጎድጓዳ ሳህን የተባለው ጥሬ ዶሮ በሚፈስ ቧንቧ ሥር ሲታጠብ ውሃው እየተረጨ ባክቴሪያን ወደ ዕቃዎችና ወደ ሌላ ምግብ ስለሚያደርስ ነው። የጤና ተቋማት ጥሬ ዶሮን ጨርሶ አለማጠብን የሚመክሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ለዶሮ ወጥ ግን እጥበቱ አይታለፍም፤ መፍትሔው በሳህን ውስጥ በዝግታ ማጠብ፣ ከዚያም ገንዳውንና ዕቃውን በሳሙና ማጽዳት ነው። ጫር ጫር መደረጉ ቁሌቱ ወደ ሥጋው እንዲገባ ነው። የፍሪጁ ነገር ደግሞ ከጊዜው የመጣ ነው፤ ቁሌቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ታጥቦ የተዘጋጀ ሥጋ በዚያ ሁሉ ጊዜ ኩሽና ውስጥ ውጭ መቀመጥ የለበትም።

አራተኛውና አምስተኛው ስላይዶች የሽንኩርቱ ናቸው፤ ካሩሰሉ ጠቃሚ መሆኑ ወይም አለመሆኑ የሚታወቀውም እዚህ ነው። አራተኛው፦ “ሽንኩርቱ በጣም ደቅቆ ይከተፋል። ዘይት ሳይነካው በወፍራም ድስት፣ በመካከለኛ እሳት ይቁላላል። ያዝ ማድረግ ሲጀምር ሙቅ ውሃ ጠብ እየተደረገ ይማሰላል።” አምስተኛው፦ “ከ50 እስከ 60 ደቂቃ በኋላ ሽንኩርቱ ቡናማ ሆኖ ቅርጹ ይጠፋል። በማማሰያ ሲገፋ የድስቱ ሥር ለአፍታ ይታያል። አሁን ዘይቱ ገብቶ 10 ደቂቃ ይቁላላል።”

ሁለተኛው ስላይድ በደቂቃ ብቻ አለመወሰኑ ልብ ይባል። ደቂቃው እንደ እሳቱ፣ እንደ ድስቱ ስፋት፣ ሽንኩርቱም እንደያዘው ውሃ ይለያያል። በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሰፊ ድስት የጣደና በጋዝ ላይ ጠባብ ድስት የጣደ ሰው እኩል አይደርሱም። ምልክቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው፦ ቅርጽ የለሽ መሆኑ፣ ቀለሙ መጥቆሩ፣ ማማሰያው ሲያልፍ መንገዱ ተከፍቶ ቀስ ብሎ መዘጋቱ። የሽንኩርቱ ስላይድ ለሁለት የተከፈለውም ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን እንዲታዩ ነው። በአንዱ ገና የሚታይ ክተፍ፣ በሌላው የሟሟ ቡናማ ሊጥ የመሰለ ነገር ይታያል። አንባቢ የራሱን ድስት ከሁለቱ ጋር አስተያይቶ የት እንዳለ ያውቃል።

ዘይቱ ዘግይቶ መግባቱም በዘፈቀደ አይደለም። ከመጀመሪያው ዘይት ሲገባ ሽንኩርቱ ከውጭ ይጠበሳል፤ ዳሩ እየጠነከረ ሳይሟሟ ይቀራል፣ በወጡ ውስጥም ፍሬው ይታያል። በደረቁ ሲቁላላ ግን በራሱ ውሃ እየበሰለ ይፈርሳል። ክተፋውን ለማቅለል በመፍጫ መፍጨትም የሚመጣው ችግር ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ የተፈጨ ሽንኩርት ውሃውን በአንዴ ስለሚለቅ ለረጅም ጊዜ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፤ ቀለሙም ግራጫ እንደሆነ ይቆያል። መፍጫ መጠቀም ግድ ከሆነ ጥቂት በጥቂቱ፣ ቁርጥ ቁርጥ እያደረጉ እንጂ እንደ ሊጥ እስኪሆን መፍጨት አይገባም።

እዚህ ላይ የሚያርር ብዙ ነው። ከድስቱ ሥር የሚይዘው ቡናማ ሽፋን ውሃ ጠብ ሲል ተነሥቶ ከሽንኩርቱ ጋር ከተቀላቀለ ጥሩ ነው፤ የወጡ ጣዕም ከዚያ ይመጣል። ጥቁር ሆኖ የማይነሣ ከሆነና ጭስ ጭስ ካለው ግን አርሯል። ያን ጊዜ ሳይፋቅ የላይኛው ብቻ ወደ ሌላ ድስት ይገለበጣል። ይህ ምክር ስላይዱ ላይ ቦታ ካላገኘ ከሥሩ በሚጻፈው መግለጫ ውስጥ መግባት አለበት፤ ካሩሰሉ የማይሸከማቸው ምክንያቶችና ማስተካከያዎች ሁሉ ቦታቸው እዚያ ነው።

ስድስተኛው ስላይድ የበርበሬው ነው። “እሳቱ ይቀነሳል። በርበሬው ገብቶ ወዲያው ይማሰላል። ሙቅ ውሃ በጭልፋ ጠብ እየተደረገ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይቁላላል።” ሰባተኛው ይቀጥላል፦ “ጥሬ ሽታው ሲጠፋና ቅባቱ ወደ ላይ ሲወጣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ንጥር ቅቤው ተጨምሮ ሌላ 10 ደቂቃ በለዘበ እሳት ይቁላላል።”

የበርበሬ ቀለም በቅባት እንጂ በውሃ አይሟሟም። በመቁላላቱ ጊዜ ቅባቱ ቀይ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በደንብ ያልተቁላላ ወጥ ላይ ግን ውሃው ለብቻው፣ የበርበሬው ደቃቅ ለብቻው ሆኖ ይታያል። በርበሬ ስኳር ያለበት ደቃቅ ዱቄት ስለሆነ በደረቅ ድስት ላይ በፍጥነት ያርራል። ውሃው ጠብ ጠብ የሚለው ሙቀቱን ለመግታት ነው እንጂ ወጡን ለማቅጠን አይደለም፤ እያንዳንዱ ጠብታ ሲተን ሌላ ይከተለዋል። በአንዴ ሁለት ጭልፋ የሚያፈስ ሰው ቁሌቱን ወደ መቀቀል ይመልሰዋል። ማረሩ የሚታወቀው ቀለሙ ከጥቁር ቀይ ወደ ቡና ሲያልፍ፣ ሽታውም ጉሮሮ ሲይዝ ነው። ላረረ በርበሬ መድኃኒት የለም። ስኳር ወይም ተጨማሪ ቅቤ ምሬቱን ለጊዜው ይሸፍነዋል፣ ወጡ ሲበርድ ግን ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ከአሥሩ ስላይዶች “እሳቱ ይቀነሳል” የሚለው ቃል በደማቅ ቀለም መጻፍ ያለበት እዚህ ነው።

ፎቶ የሚያነሣ ሰው በዚህ ደረጃ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የስልክ ካሜራ ቀይን ከልክ በላይ ያደምቃል፤ የማሳመሪያ ማጣሪያ ሲጨመርበት ደግሞ ያልደረሰ ቁሌትና የደረሰ ቁሌት አንድ ዓይነት ይሆናሉ። አንባቢው ግን የሚመራው በዚያ ቀለም ነው። ከመስኮት በጎን በሚመጣ ብርሃን፣ ያለ ማጣሪያ፣ እንፋሎቱ ለአፍታ ሲያልፍ የተነሣ ፎቶ ከሁሉም ይበልጣል። የየደረጃው ፎቶ እዚያው በጊዜው መነሣት አለበት፤ ወጡ ካለቀ በኋላ ወደ ሽንኩርቱ ደረጃ መመለስ አይቻልም። ከማብሰሉ በፊት ሰባቱን የአሠራር ፎቶዎች በወረቀት ጽፎ ምድጃው አጠገብ መለጠፍ ይህን ያቃልላል።

ስምንተኛው ስላይድ፦ “ዶሮው ከፍሪጅ ወጥቶ ውሃው ይጠነፈፋል። ቁሌቱ ውስጥ ገብቶ 10 ደቂቃ ይገላበጣል። ሙቅ ውሃ 2 ኩባያ ተጨምሮ፣ ገርበብ ተደርጎ ተከድኖ በለዘበ እሳት ይንተከተካል።” መጀመሪያ ውሃ ሳይጨመር መገላበጡ ሥጋው ቁሌቱን እንዲይዝ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንደ ዶሮው ነው። የፈረንጅ ዶሮ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ሥጋው ከአጥንቱ ወድቆ ወጡ ውስጥ ይበታተናል። እድሜ የጠና የሀበሻ ዶሮ ግን አንድ ሰዓት ተኩልና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ ውሃውም በዚያው ልክ ይጨመራል። ካሩሰሉ ሁለቱንም ጊዜ ካልጻፈ ከአንባቢዎቹ ግማሾቹን ያሳስታል፤ በአገር ቤት ለበዓል የሚታረደው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ፣ በውጭ አገር ሱቅ የሚገኘው ደግሞ ሌላው ነውና። መብሰሉ የሚታወቀው የቅልጥሙ ሥጋ ከአጥንቱ ጫፍ ወደ ላይ ሲሰበሰብ ነው። ቴርሞሜትር ያለው ሰው በወፍራሙ ሥጋ ውስጥ አጥንት ሳይነካ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማግኘት አለበት።

ዘጠነኛው ስላይድ ቀላል ነው፤ ፈጠን ብሎ ማለፍ ይቻላል። “ተቀቅሎ የተላጠ እንቁላል ዙሪያውን ጫር ጫር ይደረጋል። ዶሮው ሲበስል ከመከለሻውና ከኮረሪማው ጋር ይገባል። ጨው ተቀምሶ ይስተካከላል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ይወርዳል።” መከለሻው በመጨረሻ የሚገባው መዓዛው በረጅም እሳት ስለሚጠፋ ነው። ጨውን በመጨረሻ መቅመስ የሚያሻው ደግሞ ብዙ በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ስለሚገባበት፣ አንዳንድ ንጥር ቅቤም ጨው ስለሚኖረው ነው። በግብአቱ ስላይድ ላይ ጨው መጠን ያልተጻፈለትም ለዚሁ ነው።

የሽፋኑ ስላይድ መጨረሻ ላይ ቢሠራ ይሻላል፤ ፎቶው ካለቀው ወጥ መምጣት አለበትና። ሽፋን ላይ ሊጻፍ የሚገባው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የወጡ ስም፣ ለስንት ሰው መሆኑና አጠቃላይ ጊዜው። “3 ሰዓት ተኩል” ብሎ በግልጽ መጻፍ አንባቢን ያሸሻል ብለው የሚሰጉ አዘጋጆች አሉ። ነገር ግን ለፋሲካ ከሁለት ወር ገደማ ጾም በኋላ የሚቀርበውን ወጥ ከሌሊቱ ጀምሮ የሚሠራ ሰው መቼ መጣድ እንዳለበት ማወቅ ይገባዋል። ጊዜውን የደበቀ ሽፋን እንግዳ ከመጣ በኋላ ገና በርበሬ የሚቁላላበት ቤት ያመጣል።

አሥረኛው የአቀራረቡ ምክር ነው። አንድ ምክር ብቻ ይበቃዋል፤ ብዙ አዘጋጆች እዚህ ላይ የበዓል መልካም ምኞት፣ የሚቀጥለው ልጥፍ ማስታወቂያና ሦስት ምክር ይደራርባሉ፣ አንዱም አይነበብም። ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ “ወጡ ከወረደ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተከድኖ ይቆይ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ብልትና አንድ እንቁላል በእንጀራው መሐል ይወጣል፣ መረቁ በላዩ ይፈሳል፣ አይብ ከጎኑ ይቀርባል።” ማቆየቱ የሚያስፈልገው ቅባቱ ወደ ላይ እንዲወጣ፣ መረቁም እንዲረጋ ነው፤ ከእሳት ላይ እንደወረደ የተጨለፈ ወጥ ቀጭን ሆኖ እንጀራውን ቶሎ ያርሰዋል። አይቡ ጨውና ቅመም ያልበዛበት ሲሆን የበርበሬውን ቃጠሎ ያበርዳል፤ በወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን የሚያቃጥለውን ንጥረ ነገር ስለሚይዘው ከውሃ ይልቅ የሚያስታግሰው እርሱ ነው። በስላይዱ ላይ ያለው ፎቶ ከላይ ወደ ታች ቢነሣ የብልቱና የእንቁላሉ አቀማመጥ ይታያል፤ ከጎን የተነሣ የዶሮ ወጥ ፎቶ እንጀራውን እንጂ ወጡን አያሳይም።

የተረፈው ወጥ ጉዳይ ለመግለጫው ይቀራል። ወጡ ከወረደ በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍሪጅ ይገባል። ትልቅ ድስት በውስጡ ቀስ ብሎ ስለሚበርድ በትናንሽ ዕቃ መከፋፈል ይሻላል፤ በዚህ ሁኔታ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲገባ ከተፈለገ እንቁላሎቹ ቀድመው ይወጣሉ፤ ነጩ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ላስቲክ ይሆናል። ሲሞቅ በለዘበ እሳት፣ ሙቅ ውሃ ጠብ እየተደረገ፣ እስኪንተከተክ ይሞቃል፤ የሚወጣውም ለዚያ ጊዜ የሚበቃው ብቻ ነው።